«ክፍያ የለውም» የሚለው ሐዋላ ስንት ይወስዳል?

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ በየወሩ ለእናቴ 1,000 ሪያል እልካለሁ። አንዱ መተግበሪያ ክፍያ የለውም ይላል፣ ሌላው 15 ሪያል ይቆርጣል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ክፍያውን ለብቻው አትዪው። ላኪ ድርጅት በሁለት በኩል ያገኛል። አንዱ ደረሰኝሽ ላይ የሚጻፈው ክፍያ ነው። ሌላው ምንዛሬው ውስጥ የሚይዘው ልዩነት ነው፣ እሱ የትም አይጻፍልሽም።

አብረን እናስላው። የብሩ ቁጥር ለስሌት እንዲመች የወሰድኩት እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደለም። 1 ዶላር 3.75 ሪያል ነው፤ ይህ ለብዙ ዓመታት ያልተነካ ተመን ነው። ዶላሩ 150 ብር ቢሆን፣ 1 ሪያል 40 ብር ይመጣል። ስለዚህ ማንም ምንም ባይወስድ እናትሽ 40,000 ብር ታገኝ ነበር።

«ክፍያ የለውም» የሚለው በ38.80 ቢመነዝርልሽ 38,800 ብር ይደርሳታል። 1,200 ብር ሄደ ማለት ነው። ሁለተኛው 15 ሪያል ይቆርጣል፤ የሳዑዲው 15 በመቶ ቫት ክፍያው ላይ ሲጨመር 17.25 ይሆናል። የቀረውን 982.75 ሪያል በ39.70 ቢመነዝረው እናትሽ 39,015 ብር ትወስዳለች። የሚቆርጠው በ215 ብር በለጠ።

ግን ለአውዳመት ብለሽ 200 ሪያል ብቻ ብትልኪ ነገሩ ይገለበጣል። በመጀመሪያው 7,760፣ በሁለተኛው 7,255 ብር ይሆናል። በዚህ ስሌት መለያው 760 ሪያል አካባቢ ነው። ከዚያ በታች «ክፍያ የለውም» የሚለው፣ ከዚያ በላይ የሚቆርጠው ያዋጣሻል። ለዚህ ነው በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከመላክ በወር አንዴ መላክን የምመርጠው፣ ቤት ውስጥ ካልቸገረ በቀር።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ እኔ ተቀባይ ነኝ። የሚቆርጠው እኮ እዚህ ያለው ባንክ ነው! ላኪዋን ለምን ታስጨንቋታላችሁ?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነህ ወንድሜ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ባንኮች ምንዛሬያቸውን ራሳቸው ስለሚያወጡ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ከላኪው ድርጅት ጋር የሚሠራው ባንክም ከልዩነቱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ተመኑ የሚወሰነው እሷ «ላክ» ስትል ነው። አንተ መስኮቱ ጋ ስትደርስ አልቋል። ስለዚህ መምረጥ የምትችለው እሷ ናት። ማረጋገጫውን ከመጫኗ በፊት የመቀበያውን መንገድ ትቀያይረው፦ በጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ ሒሳብ፣ በቴሌብር። «ተቀባይ የሚያገኘው» የሚለው መስመር ላይ ያለው ብር ሲንቀሳቀስ ታየዋለች። ሌላውን ሁሉ ትታ እሱን ታወዳድር።

ጥያቄ (ከቤይሩት)፦ መጀመሪያ ገንዘብ ስልክ ጥሩ ሬት ሰጡኝ። በሁለተኛው ወረደ። ተጭበረበርኩ?

መልስ፦ አይመስለኝም። ያ የአዲስ ደንበኛ ተመን ነው። ለመጀመሪያው ሐዋላ ብቻ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም እስከተወሰነ መጠን ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በመደበኛው ይመነዘራል። በትንንሹ ስለሚጻፍ ያልፈናል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ለአባቴ ሕክምና ልልክ ስል «ገደብ አልፈሃል» አለኝ። በዚህ ወር ገና መላኬ ነው።

መልስ፦ አባትህን እግዜር ይማርልህ። ብዙ ድርጅቶች የሚቆጥሩት የቀን መቁጠሪያውን ወር ሳይሆን ያለፉትን 30 ቀናት ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ የላክኸው እዚህ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ምክንያት ማንነትህ በሙሉ አለመረጋገጡ ነው። የመታወቂያህን ፎቶና የደመወዝ ማስረጃ ስታስገባ ገደቡ ከፍ ይላል፤ ግን ማጣራቱ ጊዜ ስለሚወስድ ሳይቸኩልህ ጨርሰው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የአባትህን ወገን እይ። የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ መያዝ የሚችለው መጠን አለው፤ ሲሞላ ሐዋላው ተመላሽ ይሆናል። የባንክ ሒሳብ ይሻላል። በጓደኞችህ ስም ከፋፍለህ ግን አትላክ። ሲስተሙ ያንን እንደ ማጭበርበር ስለሚያየው የሁላችሁም ሒሳብ ሊታገድ ይችላል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የእኔ ገደብ አይደለም። ልጄ የአያቴን ስም ሳትጽፍ ልካ ባንኩ ከለከለኝ። እስኪስተካከል ምንዛሬው ከፍ አለ። ልዩነቱ ይሰጠኛል?

መልስ፦ እማማ፣ ስሙ ብቻ ከታረመ ተመኑ የተላከበት ቀን ሆኖ ይቆያል፤ ልዩነቱ አይሰጥዎትም። ተሰርዞ እንደ አዲስ ከተላከ ግን በአዲሱ ይመነዘራል። ያኔ የመጀመሪያው ክፍያ ይመለስ አይመለስ በየድርጅቱ ይለያያል። ልጅዎ ከመሰረዟ በፊት ደውላ ትጠይቅ፣ ስሙንም ከመታወቂያዎ ላይ ፊደል በፊደል ትገልብጠው።