የአሳ ቤት ሒሳብ፦ በቀን ስንት ሳህን ሲሸጥ ወጪው ይሸፈናል?

ጥያቄ (ጣና ዳር አሳ ጥብስ የምትሸጥ እናት)፦ ጋሼ፣ በቀን 28 ሳህን ገደማ እሸጣለሁ፤ አንዱ በ250 ብር ነው። አሳውን ከአጥማጆች ሙሉውን፣ በኪሎ 200 ብር እገዛለሁ። ለአንድ ሳህን የማወጣው 200 ግራም ፊሌቶ ስለሆነ አሳው 40 ብር ብቻ ይፈጃል። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ እንጀራና ከሰል ተደምሮ 60 ብር ነው። የቤት ኪራይ በወር 18,000፣ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ 12,000፣ መብራት፣ ውኃና ልዩ ልዩ 3,000 ብር። ለራሴ ደመወዝ አልቆርጥም። ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡ የሚሄደው ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ ጋር ነው። ቆሮሶ ሲገፈፍ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ከሙሉ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። ስለዚህ 200 ግራም ፊሌቶ ለማውጣት 600 ግራም ያህል ሙሉ አሳ ገዝተዋል፤ የሳህኑ አሳ 40 ብር ሳይሆን 120 ብር ነው። ከሌላው 60 ብር ጋር 180 ይሆናል። ከአንድ ሳህን 150 ብር የሚተርፍ መስሎዎት ነበር፤ የሚተርፈው 70 ብር ነው።

ሲሶ ያልኩትን ግን በእርስዎ ሚዛን ያረጋግጡ። ለአንድ ሳምንት አሳው ከመገፈፉ በፊትና በኋላ ይመዘን። የገፋፊው እጅም ለውጥ ያመጣል። ከአጥንቱ ሾርባ ሠርተው የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ ከሾርባው የሚገኘውን ከአሳው ወጪ ላይ ይቀንሱ።

አሁን ወደ ቋሚው ወጪ እንምጣ። የጠቀሱት 33,000 ብር ነው። እኔ የእርስዎን ድካም 9,000 ብር ገምቼ ልጨምርበት፤ ቢታመሙ በቦታዎ የሚቆመው ሰው በነጻ አይሠራምና። 42,000 ብር ለ70 ሲካፈል 600 ሳህን ይመጣል፤ በ30 ቀን በቀን 20 ማለት ነው። 28 ስለሚሸጡ ከደመወዝዎ በላይ በወር 16,800 ብር መትረፍ አለበት። ይህን ያህል ካላገኙ ሳይሸጥ ተበላሽቶ የሚጣል አሳ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። የተገዛው አሳ መካፈል ያለበት ለተጠበሰው ሳይሆን ለተሸጠው ሳህን ነው።

ጥያቄ (ያችው ባለቤት)፦ ሁዳዴ ሲገባ አሳ ይወደዳል። በኪሎ 240 ቢገባ ዋጋ ልጨምር ወይስ ደንበኛዬን ላክብር?

መልስ፦ በኪሎ አንድ ብር ሲጨምር በሳህን 60 ሳንቲም ይጨምራል። 40 ብር ሲጨምር ሳህኑ ላይ 24 ብር ይወጣል፤ የሚተርፍልዎት ከ70 ወደ 46 ብር ይወርዳል። አሳው በአምስት አንድ እጅ ብቻ ቢወደድም ወጪ ለመሸፈን የሚያስፈልግዎት ሽያጭ ከ600 ወደ 914 ሳህን ይዘላል። በዛሬው 28 ሳህን ቢቀጥሉ በወር 3,360 ብር ይከስራሉ።

ሳህኑን 270 ብር ቢያደርጉት 66 ብር ይተርፋል፤ 637 ሳህን፣ በቀን 22 ያህል ይበቃል። አሁን በወር 840 ይሸጣሉ። ስለዚህ ከአራት ደንበኞች አንዱ ሊጠጋ እስኪቀር ድረስ አይከስሩም። ስንት ሰው እንደሚቀር ግን ስሌቱ አይነግርዎትም፤ እሱን የሚያውቁት ሰፈርዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ ብሆን በጾም መጀመሪያ እጨምር ነበር፤ በመካከል የተለወጠ ዋጋ ደንበኛን ይበልጥ ያስቆጣል።

አስተያየት (በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት)፦ እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ዋጋውን 230 ቢያደርጉት ብዙ ሰው ይመጣል፤ ኪራዩ ለብዙ ሳህን ስለሚካፈል ትርፉ ያድጋል።

መልስ፦ ኪራዩ ለብዙ ሳህን መካፈሉ እውነት ነው። ነገር ግን የ20 ብሩ ቅናሽ በሙሉ የሚወጣው ከ70 ብሩ ላይ ነው፤ አሳ ሻጩ አብሮ አይቀንስም። በመደበኛው የአሳ ዋጋ እንኳን ከሳህን 50 ብር ይቀራል፤ ዛሬ የሚሸጡት 28 ሳህን ትርፍ ሳያስገኝ ወጪን ብቻ ይሸፍናል። የዛሬውን 16,800 ብር ለማግኘት በቀን 40 ሳህን መሸጥ ያስፈልጋል። ያ ምጣድና እነዚያ ሁለት ሠራተኞች በምሳ ሰዓት 40 ሳህን ያደርሳሉ ወይ? መጀመሪያ ይህ ይመለስ።

ጥያቄ (የጀልባ ባለቤት)፦ ይህ ሒሳብ ለእኔም ይሆናል? ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ። በሰው 400 ብር አስከፍላለሁ፤ ደርሶ መልስ ነዳጅ 1,600 ብር ነው። ብድርና ጥበቃ በወር 24,000 ብር። በአንድ ሰው የማተርፈው ስንት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሰው አያስሉት። ነዳጁ ሦስት ሰው ቢጭኑም ስምንት ያው ነው፤ የሚከተለው ጉዞውን እንጂ ተሳፋሪውን አይደለም። አራት ሰዎች ነዳጁን ይሸፍናሉ፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ያለው ለብድሩ ይውላል። ሁልጊዜ አምስት ሰው ይዘው ከሄዱ 24,000ውን ለመሸፈን በወር 60 ምልልስ ያስፈልግዎታል። ስምንት ቢይዙ 15 ይበቃዎታል።

ጠዋት ወደቡ ላይ አምስት ሰው ብቻ ቢኖር ልሂድ ልቅር ሲሉ ብድሩን ከሒሳቡ ያውጡት፤ ቢሄዱም ባይሄዱም ይከፈላል። ከሄዱ 400 ብር ያገኛሉ፣ ከቀሩ ምንም። ጥቂት ቆይቶ ትልቅ ቡድን እንደሚመጣ ካወቁ ግን መጠበቁ ይሻላል።

አስተያየት (በሒሳብ ሥራ የቆየች ሴት)፦ ወደ አሳ ቤቱ ልመልሳችሁ። በጾም ሦስተኛ ሠራተኛ መቅጠር አይቀርም። ደመወዝ ቋሚ ወጪ ስለሆነ 5,000 ብር ከመጀመሪያው 42,000 ላይ ይደመር።

መልስ፦ ለጾሙ ወር ትክክል ነዎት፤ ለዓመቱ ሁሉ ግን አይደለም። ሁለቱ ሠራተኞች በቀን እስከ 35 ሳህን ያደርሳሉ እንበል። በ36ኛው ሳህን ምክንያት 5,000 ብር በአንድ ጊዜ ይጨመራል። ይህን በ66 ብር ለመመለስ በወር 76 ተጨማሪ ሳህን ያስፈልጋል። ስለዚህ በቀን 38 እና ከዚያ በላይ እንደሚሸጡ ካልጠበቁ አይቅጠሩ፤ 36ኛውና 37ኛው ደንበኛ ቢመለሱ ይሻላል።

አስተያየት (ያችው ሴት)፦ የተመለሰ ደንበኛ ከጾም በኋላም ላይመጣ ይችላል። ይህ በስሌትዎ ውስጥ የለም።

መልስ፦ የለም። በብር ልተምነው የምችልበትን መንገድም አላገኘሁም።

ጥያቄ (ቁርስ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው)፦ ታዲያ ዓመቱን በአማካይ ማየት አይሻልም?

መልስ፦ አማካይ ክረምቱን ይደብቃል። የእህታችንን ቤት በሦስት ሁኔታ ልይ። በመደበኛ ወር 16,800 ብር ይተርፋል። በጾም አሳው 240፣ ሳህኑ 270፣ ሠራተኛው ሦስት፣ ሽያጩ 1,200 ቢሆን 32,200 ይተርፋል። አሳው መወደዱን ትቶ የሽያጩን ማደግ ብቻ የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። በክረምት ጎብኚ ቀንሶ ሽያጩ 450 ቢወርድ 10,500 ብር ኪሳራ ነው። እንዲህ ያለ ወር ሦስት ቢከታተል 31,500 ብር ከወዲሁ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት።

አስተያየት (የአሳ ነጋዴ)፦ ክረምትን እንዳለ አትጣሉት። ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ አለ፤ እኔ ያኔ አሳ አይበቃኝም።

መልስ፦ ጥሩ አስታወሱ። እንግዲያው ነሐሴ ለሁለት ይከፈል፤ ፍልሰታው በጾሙ ዋጋ፣ የቀረው በክረምቱ ሽያጭ ይሰላ። እህቴ፣ ያለፈው ነሐሴ የሽያጭ ደብተር ካለዎት ቁጥሩን ይላኩልኝና እንሥራው።