አኩዛቲቭና ዳቲቭ ለሚምታታበት ሰው

«የጀርመንኛ ኤ1 ጨርሻለሁ፣ ግን አኩዛቲቭና ዳቲቭ እስካሁን ይምታቱብኛል። ሰንጠረዡን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሳወራ ግን ይጠፋኛል። እናንተ እንዴት ያዛችሁት?»

ሰንጠረዡን ለጊዜው ተወውና የመጨረሻዋን ድምፅ ብቻ ተከተል። ወንዴ ስም ላይ ር፣ ን፣ ም እያለች ትሄዳለች፦ ባለቤት ሲሆን ዴር፣ አኩዛቲቭ ዴን፣ ዳቲቭ ዴም። አኩዛቲቭ የሚነካው ወንዴውን ብቻ ነው፣ ዲ እና ዳስ እንዳሉ ይቀመጣሉ። ዳቲቭ ግን ማንንም አይምርም። ዳስ እንደ ወንዴው ዴም ይሆናል፣ ዲ ዴር ትሆናለች፣ ብዙ ቁጥሩ ደግሞ ዴን ሆኖ ስሙም ራሱ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ን ይጨምራል፦ ዴን ኪንደርን።

እኔ የያዝኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ኢሽ ጌበ ዴም ማን ዴን ሽሉሰል፣ ለሰውየው ቁልፉን እሰጠዋለሁ። «ለ» ያለበት ዴም፣ «ን» ያለበት ዴን። አሁን ሰውየውን ብቻ ቀይር፦ ዴር ፍራው፣ ዴም ኪንት። ከዚያ እሱን መልሰህ ቁልፉን ቀይር፦ ዳስ ቡኽ፣ ዲ ታሸ። በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ድምፅህን አውጥተህ፣ ሳታስብ እስኪወጣልህ ድረስ።

አማርኛው የሚያግዝህ ግን እስከተወሰነ ድረስ ነው። «ለአንድ ሰው ቁልፍ ሰጠሁ» ስንል ቁልፍ ላይ ን የለም፣ ጀርመንኛ ግን አይለቃትም፦ አይነም ማን አይነን ሽሉሰል።

ብዙ አበሻ የሚሳሳተው ደግሞ ግሶቹ ላይ ነው። እኛ «ሰውየውን ረዳሁት» እንላለን፣ ን አለው፣ ስለዚህ አፋችን ዴን ይላል። ሄልፈን ግን ዳቲቭ ነው የሚፈልገው፦ ኢሽ ሄልፈ ዴም ማን። ማመስገንና መከተልም እንደዚያው ናቸው። «ኢሽ ዳንከ ዲሽ» ካልክ ስህተት ነው፣ ዲር ነው የሚባለው። እነዚህን ግሶች ለብቻቸው አትሸምድድ፣ ሁልጊዜ ዲር ወይም ዴም ለጥፈህባቸው ያዛቸው፦ ሄልፈ ዲር፣ ዳንከ ዲር፣ ፎልገ ዲር።

ሌላው ወጥመድ ፉር ነው። ትርጉሙ «ለ» ስለሆነ ዳቲቭ ይመስላል፣ ግን ሁሌም አኩዛቲቭ ነው፦ ፉር ዴን ማን። ሚት በተቃራኒው ሁሌም ዳቲቭ ነው፦ ሚት ዴም ቡስ። ከእነዚህ ቃላት ኋላ «ለ» እና «ን» አትፈልግ፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

እስቲ እነዚህን መልሱን ሸፍነህ ሞክራቸው። «እናቴን እረዳታለሁ»፣ «ከልጆቹ ጋር እጫወታለሁ»፣ «ለአባቴ ቡና እገዛለሁ»።

የመጀመሪያው ኢሽ ሄልፈ ማይነር ሙተር ነው፣ ሁለተኛው ኢሽ ሽፒለ ሚት ዴን ኪንደርን። ሦስተኛው በሁለት መንገድ ይሄዳል። ያለ ፉር ከሆነ ኢሽ ካውፈ ማይነም ፋተር አይነን ካፌ፣ በፉር ከሆነ ኢሽ ካውፈ አይነን ካፌ ፉር ማይነን ፋተር። አባትየው አንዴ ም አንዴ ን የሆነበት ምክንያት ከገባህ፣ ዋናውን ነገር ይዘኸዋል ማለት ነው።