ለደጋ ከተማ የሚሆን ሞተር

«ከተማችን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑም ይሞቃል። ቱርቦ የሌለው መኪና ይበቃኛል?»

ለሜዳ መንገድ ይበቃዎታል፤ ዳገት ከበዛ ግን ቱርቦ ያለውን እመርጣለሁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚያ ወደ 76 ይወርዳል። ቱርቦው ስሱን አየር አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ይመልሳል።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ግን የራዲያተሩን ክዳን ነው። በዚያ ከፍታ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚሠራው 90 አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ያገለገለ መኪና ከሆነ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ከፍተው የጎማ ማሸጊያውን ይመልከቱ። ከተሰነጠቀ፣ በሞቃት ቀን ዳገት ወጥተው ሲቆሙ ውሃው በመጠባበቂያው ዕቃ ውስጥ ሲንተከተክ ይሰሙታል።