የመኪና ባትሪ ምልክት ሲበራ መጀመሪያ ቺንጊያውን እይ

«ከደሴ ወደ ወልድያ እየሄድኩ ሐይቅን ገና እንዳለፍኩ የባትሪ ምልክቷ ቀይ በራች፤ አልጠፋም አለች። መኪናው የድሮ ማኑዋል ኮሮላ ነው፤ ባትሪው ከገባ አምስት ወሩ ነው። ወልድያ ያደርሰኛል?»

አብሽር ወንድሜ፣ ግን ወልድያን እርሳው። ባትሪውንም ለጊዜው ተወው። ያቺ መብራት የምትለው «ባትሪው ተበላሸ» ሳይሆን «ዲናሞው መሙላት አቁሟል» ነው።

1. ዳር ያዝና ሞተሩን ሳታጠፋ ኮፈኑን ክፈት። እጅህንም ልብስህንም አታስገባ፣ በዓይንህ ብቻ እይ። በአንተ ዓይነት የቆዩ ኮሮላዎች ላይ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩን እዚያው አጥፋ። «ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ» ማለት አይሠራም፤ ውሃው ካልዞረ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ቴስታው ይጣመማል። ያኔ በአንድ ቺንጊያ ዋጋ የሚያልቀው ነገር ሞተር ማውረድ ይሆናል። የራዲያተሩንም ክዳን ሳይቀዘቅዝ አትንካ።

2. ቺንጊያው ካለና ከዞረ፣ ባትሪው ገና ሙሉ ስለሆነ አጥፍተህ ለመፈተሽ ጥሩው ሰዓት አሁን ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካጠፋኸው ሞተሪኖው ላይነሳልህ ይችላል። በሁለቱ ፑሌዎች መሀል በአውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ጫነው። ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ፣ ወይም ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ እየተንሸራተተ ነው። ጠዋት ስታስነሳው ወይም መብራት ስታበራ «ጢዝዝ» ይል ከነበረ ደግሞ አስቀድሞ ነግሮሃል። ለማጥበቅ የዲናሞውን የታችኛውን ቡሎንና የማስተካከያውን ቡሎን ታላላለህ (ብዙውን ጊዜ 14 እና 12 ቁልፍ ነው)፣ ዲናሞውን ወደ ውጭ ትስበዋለህ፣ ትቆልፈዋለህ። እንደ ክራር ክር አትወጥረው፤ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

3. ቺንጊያው ጠብቆም መብራቷ ካልጠፋች ጥፋቱ ከዲናሞው ወይም ከገመዱ ነው። እዚህ ላይ ሂሳብ እንሥራ። ባትሪህ 45 አምፒር-ሰዓት ነው እንበል፤ ሳይዳከም የምታገኘው ግማሹን ያህል ነው። ሞተሩ ለብልጭታና ለነዳጅ ፓምፕ ብቻ 10 አምፒር አካባቢ ይበላል፤ የራዲያተሩ ፋን በተነሳ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ በቀን፣ ሁሉንም አጥፍተህ፣ ሂሳቡ ሁለት ሰዓት ቢልም ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት ብለህ ቁጠር። የፊት መብራት ሌላ 10 ስለሚጨምር ማታ ግማሹ ነው። ካለህበት ወልድያ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው፣ አይበቃህም። ደሴ ግን ወደ 30 ነው፤ ሬዲዮውን፣ ማሞቂያውን፣ የስልክ ቻርጀሩን ንቀልና ተመለስ፤ መንገድ ላይ አታጥፋው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት እየደበዘዘ ሞተሩ መቆራረጥ ከጀመረ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም። በነገራችን ላይ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ብላችሁ ሞተር አጥፍታችሁ እንዳትንሸራተቱ፤ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

አሁን ስለ ጋራዡ። አንዳንዱ ኤሌትሪሻን ገና ሳያይ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅልና «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላል። እጁን ያዝ! ባትሪው ቮልቴጁን የሚያለዝብ ትራስ ነው፤ ሲነቀል ዲናሞው በቅጽበት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይተፋል፣ ደህና የነበረውን ሬጉላተርና ዳዮድ ሊያቃጥል፣ የሞተሩን ኮምፒውተርም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ «ዲናሞህ ተቃጥሏል» ይልሃል፤ ማን እንዳቃጠለው አይነግርህም። አዲስ ባትሪ ግዛ የሚልህም ያው ነው፤ እሱንም ነገ ባዶ ታደርገዋለህ።

ትክክለኛው ምርመራ በቴስተር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ሲሠራ 12.2 ሆኖ እየወረደ ከሄደ አይሞላም። ቀጥሎ በቴስተሩ ዲናሞው ጀርባ ካለው ወፍራም ገመድ ብሎን ላይ ይለካ፦ እዚያ 14 ሆኖ ባትሪው ላይ 12 ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው፤ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ALT የተባለውን ፊውዝና የባትሪውን ጫፍ እዩ። እዚያም 12 ከሆነ ዲናሞው ይፈታ።

ሲፈታ መጀመሪያ ካርቦኑን አሳየኝ በል። አዲሱ ከመያዣው ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቋል። መብራቷ ከመቆየቷ በፊት ብልጭ ድርግም ትል ከነበረ፣ ዲናሞውን በእንጨት ቀስ ብለህ ስትመታውም ለጊዜው የምትጠፋ ከሆነ፣ ካርቦን ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ካርቦን ብቻ ተቀይሮ የሚድን ዲናሞ በሙሉ ዲናሞ ዋጋ አትክፈልበት።

ከተሠራ በኋላ የወረደውን ባትሪ ሌሊቱን ቻርጀር ላይ አሳድረው፤ ባዶ ባትሪ መሙላት አዲስ የተጠገነን ዲናሞ ያግለዋል። ቺንጊያው አዲስ ከሆነ ደግሞ ይለጠጣል፤ ደሴ–ወልድያን አንዴ ደርሰህ ስትመለስ በአውራ ጣትህ ደግመህ ጫነው።