በአጎት ልጅ ስም የተያዘ አክሲዮን፣ ለንደን

ጥያቄ፦ «ለንደን ካለው ድርጅታችን 40 በመቶው የኔ ነው፤ ወረቀቱ ግን በአጎቴ ልጅ ስም ነው። ባንኩ እውነተኛው ባለቤት ማነው እያለ ነው። አካውንታንቱ ዝም በል አለኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ዝም እንዳትል። ለኔም አካውንታንታችን ይህንኑ ብሎኝ ነው የድርጅቱ ሒሳብ የታገደው፤ ያውም ደመወዝ በሚከፈልበት ሳምንት።

1. ሁለቱን መዝገቦች ለይ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእንግሊዝ የኩባንያዎች ሕግ፣ ክፍል 126፣ የአክሲዮን ባለቤቶች መዝገብ ላይ የአደራ ጉዳይ እንዳይጻፍ ይከለክላል። እዚያ የአጎትህ ልጅ ስም ብቻ መኖሩ ትክክል ነው። አካውንታንቶች ይህን ይዘው ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ግን PSC የሚባል ሌላ፣ የእውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ አለ፤ ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ያለው ሰው እዚያ ይገባል። አክሲዮኑ በሌላ ሰው ስም ቢሆንም ሕጉ የሚቆጥረው ላንተ ነው። ማሳወቅ ያለብህ እዚህ ጋ ነው፤ አውቆ መደበቅ እስር ድረስ የሚያደርስ ወንጀል ነው።

2. የአደራ ውላችሁን አውጣ። የኛ ውል ሁለት ገጽ ነበር፦ አክሲዮኑን ለኔ እንደያዘ፣ ድምፅ የሚሰጠው እኔ እንዳልኩት እንደሆነ፣ ትርፉም የኔ እንደሆነ ይላል፤ የፊርማ ቀንም አለው። ያ ቀን ነው ያዳነኝ። ባንኩ ውሉን የድርጅቶች መዝጋቢ መሥሪያ ቤቱ ካምፓኒስ ሃውስ ካለው የPSC መዝገብ ጋር አስተያየው። መዝገቡ ላይ የነበረው የአጎቴ ልጅ ነው። ባንኮች ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያዩ ለካምፓኒስ ሃውስ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም! ስደውል «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብቻ ነበር መልሱ። ሠራተኞቼ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያናድደኛል።

አካውንታንቱን ትቼ PSC01 የሚባለውን ቅጽ ራሴ ሞላሁ። ቅጹ ባለቤት የሆንክበትን ቀን ይጠይቃል። አካውንታንቱ የዛሬውን ቀን ጻፍ ብሎኝ ነበር። እንደሱ ባደርግ አክሲዮኑን ትናንት የገዛሁ እመስል ነበር፤ ውሉና መዝገቡም እንደገና ይጋጩ ነበር። የውሉን ቀን ጻፍኩ። በስህተት የገባውን የአጎቴን ልጅ ስምም አስነሣሁ። ከዚያ ውሉን፣ ቅጹንና አጭር ማብራሪያ አያይዤ ለባንኩ ላክሁ። ሒሳቡ ተከፈተ። ያለ ጠበቃ!

አሁን ደግሞ ከኅዳር 2025 ወዲህ ማንነትህንም ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ፓስፖርትህን አዘጋጅ።

ውል ከሌላችሁ ግን ዛሬውኑ ጻፉ፤ ወደ ኋላ የተጻፈ ቀን ግን አታስገቡበት፣ ማጭበርበር ነው። የአጎትህ ልጅ ቢሞት ወይም ቢፋታ ያለ ወረቀት አክሲዮኑ ያንተ መሆኑን ማስረዳት መከራ ነው። የትርፉንም ግብር የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ገንዘቡ በእሱ አካውንት ቢያልፍም። እስካሁን እሱ አሳውቆት ከሆነ፣ ለባንኩ መልስ ከሰጠህ በኋላ ቀጥሎ የምታስተካክለው ይህንን ነው።