«ለድሆች ትምህርት ምን ይጨምራል?» ተብለህ ስትጠየቅ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነው ያለሁት፤ በኢኮኖሚክስ ማስተርሴን ልጨርስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ትምህርት በገቢ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ላይ ያለውን ተጽዕኖ በኳንታይል ሪግሬሽን ያያል። ለዳታ ተንታኝነት ላመለክት ስል የሥራ ናሙና አምጣ ተባልኩ። ይህንኑ ባቀርብ ምን ይጠይቁኛል? ምንስ ላስተካክል?»

ወንድማችን፣ አቅርበው። ከዚያ በፊት ግን መደምደሚያህን ክፈትና «ድሃ» የሚለውን ቃል ፈልግ። ዘዴውን የሚያውቅ ፈታኝ መጀመሪያ የሚይዝህ እዚያ ላይ ነው።

የትምህርት ኮፊሸንት በ10ኛው ፐርሰንታይል 0.05፣ በ90ኛው 0.11 ወጣልህ እንበል። ብዙ ተማሪ «አንድ የትምህርት ዓመት የድሆችን ደመወዝ 5 በመቶ፣ የሀብታሞችን 11 በመቶ ይጨምራል» ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። ሞዴሉ ሰውን የሚያነጻጽረው ከሕዝቡ ሁሉ ጋር ሳይሆን በትምህርት፣ በዕድሜና በጾታ ከሚመስሉት ጋር ነው። ጅማ ውስጥ በወር 8,000 ብር የሚከፈላቸው ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዷ ዲግሪ አላት፤ ዲግሪ ያላቸው እኩዮቿ አብዛኞቹ ከ12,000 በላይ ያገኛሉ። ሌላው ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ፣ በሰው ባጃጅ ተቀጥሮ የሚሠራ ሹፌር ነው፤ የእሱ እኩዮች 5,000 አካባቢ ናቸው። ደመወዛቸው እኩል ሆኖ ሳለ እሷ ከታችኛው ጫፍ፣ እሱ ከላይኛው ጫፍ ይመደባሉ። ታዲያ 10ኛው ፐርሰንታይል ላይ ያለው ማን ነው? ድሃው አይደለም፤ ከእኩዮቹ ያነሰ የሚከፈለው ነው።

ትክክለኛው አነባበብ ይህ ነው፦ አራት የትምህርት ዓመት ልዩነት ባላቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የታችኛው 10 በመቶ ድንበር በ22 በመቶ ያህል፣ የላይኛው 10 በመቶ መነሻ ደግሞ በ55 በመቶ ያህል ይበልጣል (ደመወዙ በሎግ ስለሆነ exp(0.05×4) እና exp(0.11×4) ነው የምትወስደው)። ስለዚህ የተማሩት በአማካይ የተሻለ ቢከፈላቸውም እርስ በርሳቸው ያላቸው የደመወዝ ልዩነት ሰፊ ነው። እኔ ብሆን የጽሑፉን ርዕስ በዚህ ግኝት ላይ አደርገው ነበር። ተሰጥኦና የቤተሰብ ሁኔታ ስላልተለኩ ግን «ያስከትላል» አትበል፤ «አብሮ ይታያል» በል።

ስለ ሕዝቡ ሁሉ ታችኛው ጫፍ መናገር ከፈለግህ ፊርፖ፣ ፎርቲን እና ለሚዩ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ዘዴ አለልህ። ስታታ ላይ በ`ssc install rif` ጭነህ `rifhdreg` በሚለው ትዕዛዝ ትሠራዋለህ። ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ብታስቀምጥ ልዩነቱ እንደገባህ ፈታኙ ሳይጠይቅህ ያያል።

ቀጣዩ ጥያቄ የ0.05 እና የ0.11 ልዩነት እውነተኛ ነው ወይስ የናሙና ዕድል የሚለው ነው። 400 ሰው ብቻ ካለህ ከ10ኛው ፐርሰንታይል መስመር በታች የሚቀሩት 40 ያህል ናቸው፤ ስለዚህ ጫፎቹ ላይ ስታንዳርድ ኤረሩ መሃል ላይ ካለው ብዙውን ጊዜ ይሰፋል። ሁለቱን ቁጥሮች በዓይን አታወዳድር፤ አብረህ ገምተህ ፈትሻቸው፦

```
set seed 2024
sqreg lnwage educ exper exper2 female, quantiles(.1 .5 .9) reps(500)
test [q10]educ = [q90]educ
```

`sqreg` የናሙና ክብደት አይቀበልም፤ መላልሶ የሚያወጣውም ግለሰቦችን እንጂ ቀበሌዎችን አይደለም። ዳታህ በቆጠራ ቦታ ተሰባስቦ የተወሰደ ከሆነ ስታንዳርድ ኤረሩ ከሚገባው በላይ ጠቦ ሊወጣ ይችላል። ቡትስትራፑ የቆጠራ ቦታዎችን እንዳሉ እንዲያወጣ አድርገህ ድገመው። ልዩነቱ ያኔ ከጠፋ፣ ጠፋ ብለህ ጻፍ።

የጅማ አካባቢ ዳታ ከሆነ አንድ ነገር ሳትፈትሽ አትለፍ፦ የቡና ለቀማ ክፍያ። በወቅቱ በቀን ወይም በኪሎ የተከፈለውን በ12 ወር አባዝተህ ከሆነ፣ ብዙም ያልተማረ የወቅት ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ተቆጥሮ ወደ ላይኛው ጫፍ ይወጣል፤ የ90ኛው ኮፊሸንትም ያለ አግባብ ይወርዳል። ሰውየው በትክክል የሠራባቸውን ወራትና ሰዓታት ወስደህ የሰዓት ደመወዝ አስላ። በግሉ የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ ደመወዝ ስለሌለው ናሙናህ ውስጥ የለም፤ ይህንን ከሰንጠረዡ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጽ።

የምትልከው ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ከ0.1 እስከ 0.9 ያሉትን ኮፊሸንቶች ከነመተማመኛ ወሰናቸው የሚያሳይ አንድ ግራፍ አድርግ፤ የተራው ሪግሬሽን ውጤት በአግድም መስመር ይታይበት። ዱ-ፋይሉንም አያይዘው፤ ከመላክህ በፊት ግን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው መሥራቱን አረጋግጥ።