የግሩፕ ፕረዘንቴሽን፦ ስላይድ ሳይሆን ደቂቃ ተካፈሉ

«አራት ሆነን የ12 ደቂቃ ፕረዘንቴሽን አለን። ስላይዱን እኩል ተካፈልን፣ ልምምድ ላይ ግን የመጨረሻዋ ልጅ ጊዜ አለቀባት። እንዴት ብንከፋፈል ይሻላል?»

ችግሩ ስላይድ መካፈላችሁ ነው። አንዱ ስላይድ 20 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ግራፍ ያለበት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበላል። ደቂቃውን ተካፈሉ።

መጀመሪያ 30 ሰከንድ ለመጠባበቂያ አስቀሩ። ሦስት ጊዜ ስትቀያየሩ በየቅያሬው 10 ሰከንድ ይሄዳል። አንዱ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ሌላው ስላይዱን ሲፈልግ ማለቴ ነው፤ ይህን ማንም አይቆጥረውም። የሚቀረው 11 ደቂቃ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይደርሳል። ከባዱ ክፍል ከዚህ ካለፈ ለሁለት ሰው ይከፈል እንጂ ከሌላ ሰው ደቂቃ አይቀነስ።

አሁን እያንዳንዳችሁ የምትጨርሱበትን ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያው 2:45፣ ሁለተኛው 5:40፣ ሦስተኛው 8:35፣ የመጨረሻዋ 11:30 ላይ ትጨርሳለች። ቁጥሩን ወረቀታችሁ አናት ላይ በትልቁ ጻፉት። ስልኩ ላይ ያለው ሰዓት ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሳይቋረጥ ይቁጠር፤ የሚናገረው ሰው እንዲያየው ፊት ለፊት ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እላችኋለሁ፦ እያንዳንዳችሁ ቢዘለል ጉዳት የሌለውን አንድ ምሳሌ አስቀድማችሁ አስምሩበት። ከእናንተ በፊት የነበረው 20 ሰከንድ ካሳለፈ ያንን ዝለሉ። በጥድፊያ ማውራት አያዋጣም፣ ሰሚው ይጠፋበታል። ስትለማመዱም ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ቅያሬውንም ጨምራችሁ ይሁን። በልብ ሲነበብ ሁሌም አጭር ይመስላል።